ሰልፊው ሲዋሽ፦ ከስልክ ፎቶ ካሪካቸር እንዴት ይሳላል?

ጣና ላይ ጀልባ የሚነዳ ወዳጅ አለኝ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው ያመላልሳል። አንድ ቀን በቴሌግራም ሰልፊ ላከልኝና «እስቲ ካርቱን አድርገኝ» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ቁጭ አልኩ። ፎቶው ላይ አፍንጫው ገዝፏል፤ ጆሮው ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አፍንጫውን ዱባ አሳከልኩት፣ ጆሮውን ነጥብ አደረግሁት። ብቻዬን እየሳቅሁ ጨረስኩት።

ሥዕሉን ይዤ ሐይቁ ዳር ዓሣ ወደምትጠብሰው ታላቅ እህቱ ሄድኩ። አብረው አንድ ቤት ያደጉ ናቸው። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ወረቀቱን ተቀበለችኝ። አየችው፣ ዘቅዝቃም አየችው። «ይሄ ደግሞ ማነው?» አለች።

ማታ ወዳጄን ራሱን አግኝቼ በደንብ አየሁት። አፍንጫው እንደማንኛውም ሰው አፍንጫ ነው። እኔ ያጋነንኩት የሱን ፊት ሳይሆን የስልኩን ሌንስ ነበር።

ከሰልፊ ካሪካቸር መሥራት የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ሰልፊው ራሱ ቀድሞ አጋንኖ ይጠብቃችኋል። እናንተ በላዩ ላይ ስታጋንኑ ሰውየው ከመሀል ይጠፋል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ግማሹ ስለ መሳል፣ ግማሹ ደግሞ ስልኩ የጨመረውንና የቀነሰውን ለይቶ ስለማውጣት ነው።

ስልኩ ፊት ላይ ምን ያደርጋል?

ነገሩ የርቀት ጉዳይ ነው። ስልኩን ከአፍንጫችሁ ጫፍ 30 ሴንቲሜትር ላይ ያዛችሁት እንበል። ጆሯችሁ ከአፍንጫችሁ ጫፍ ወደ ኋላ በግምት 12 ሴንቲሜትር ይርቃል። ስለዚህ ለካሜራው አፍንጫው 30፣ ጆሮው 42 ሴንቲሜትር ላይ ናቸው። 42 ለ30 ሲካፈል 1.4 ይሆናል። አፍንጫው ከጆሮው አንጻር 40 በመቶ ተልቆ ይወጣል ማለት ነው። አሁን ሌላ ሰው 1.5 ሜትር ርቆ ያንሳችሁ። 162 ለ150 ሲካፈል 1.08 ነው። ልዩነቱ ወደ 8 በመቶ ወረደ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናትም ይህንኑ አስልቶ ነበር። በ30 ሴንቲሜትር የተነሳ ሰልፊ በ1.5 ሜትር ከተነሳ ፎቶ ይልቅ አፍንጫን በ30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። ጥናቱን የሠሩት ሰዎች ሰልፊ አይተው «አፍንጫዬን ቀንሱልኝ» እያሉ የሚመጡ ታካሚዎች ስላሳሰቧቸው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። አብዛኛው ሰው ስልኩን ከዓይኑ በላይ አድርጎ ያነሳል። ያኔ ግንባር ወደ ካሜራው ይቀርባል፣ አገጭ ይርቃል። ረጅም አገጭ ያለው ሰው አገጩ ያጥራል። የኔን ወዳጅ የጎዳው ይሄ ነበር። ሰልፊው የሌለውን አፍንጫ ጨመረለት፣ ያለውን አገጭ ደግሞ በላበት።

ሦስተኛው መገልበጥ ነው። የፊት ካሜራ እንደ መስታወት ያሳያል፤ አንዳንዱ ስልክ ፎቶውንም እንደተገለበጠ ያስቀምጠዋል። የቲሸርቱን ጽሑፍ እዩ፤ ወደ ኋላ ከተነበበ ፎቶው ተገልብጧል። ሰውየው ራሱን የሚያውቀው በመስታወት ስለሆነ ቅር አይለውም። ጓደኞቹ ግን የሚያውቁት በሌላው በኩል ነው። ማርያም የሳመችው ቦታ፣ ከፍ ያለ ቅንድብ፣ የጸጉር መከፈያ፣ ሁሉም በትክክለኛው ጎን መሆን አለባቸው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ገልብጡና አስተካክሉት።

አንድ ተጨማሪ ፎቶ ጠይቁ

ከሁሉም የሚቀለው መፍትሔ ሌላ ፎቶ መለመን ነው። እኔ የምልከው መልእክት አጭር ናት፦ «ሰው በኋላ ካሜራ ያንሳህ፣ ሁለት ሜትር ይራቅ፣ ስልኩ በዓይንህ ልክ ይሁን፣ ኮፍያህን አውልቅ።» ፊቱ ትንሽ ሆኖ ከታየ ዙም ማድረግ ይቻላል። የፊትን ቅርጽ የሚቀይረው ርቀት እንጂ ዙም አይደለም። ስልኩ ላይ Beauty የሚል ማስተካከያ ካለ ይጥፋ። እሱ መንጋጋን ያጠባል፣ ዓይንን ያጎላል፣ ማድያትና መስመርን ይጠርጋል። እኛ የምንፈልገውን ሁሉ ይጠርጋል ማለት ነው።

ብርሃኑንም እዩ። ሐይቁ ዳር በቀትር የተነሳ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቅንድቡን ሰብስቦ ነው የሚወጣው። ያ የፀሐዩ ፊት ነው፣ የሱ አይደለም። ወዳጄን ዋርካ ጥላ ሥር ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ እንዲቆም አደረግሁት። ከውኃው የሚመለሰው ብርሃን ከሥር ስለሚመጣ የዓይኑ ጉድጓድና የአገጩ ሥር አልጨለመም። የመንጋጋውን መስመር መጀመሪያ በደንብ ያየሁት ያኔ ነው።

ሰልፊውን ግን አትጣሉት። ሰውየው ፎቶ ሲነሳ የሚያሳየው ፈገግታ፣ አንገቱን የሚያጋድልበት መንገድ እዚያ ውስጥ አለ። ልኩን ከሁለተኛው ፎቶ፣ ሁኔታውን ከሰልፊው ውሰዱ።

እርሳስ ከማንሳት በፊት በቃል ግለጹት

እንዲህ አስቡ። ሰውየው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እየመጣ ነው። እሱን የማያውቅ ዘመድ ልካችሁ መናኸሪያ እንዲቀበለው ታደርጋላችሁ። ስልክ የለም። ምን ብላችሁ ትነግሩታላችሁ? «ሁለት ዓይን አለው» አትሉም። «ጎራዳ ነው»፣ «ገጣጣ ነው»፣ «ጥርሱ ፍንጭት ነው»፣ «ዓይኖቹ ይራራቃሉ» ነው የምትሉት። አማርኛችን ለፊት የሚሆን ቃል ሞልቶታል፤ ያን ሁሉ ያወጣነው ሰው ከሰው ለመለየት ነው።

ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ። ለወዳጄ የጻፍኩት ይህ ነበር፦ ከአፍንጫው ሥር እስከ አገጩ ረጅም፣ ዓይኖቹ የተራራቁ፣ ፍንጭት። አራተኛ ካስፈለገ የግራ ቅንድቡ ሁልጊዜ ትንሽ ከፍ ይላል፤ የምትነግሩትን ያላመነ ይመስላል። ከዚህ በላይ ከዘረዘራችሁ ልዩ የሆነውን ትታችሁ ያያችሁትን ሁሉ እየጻፋችሁ ነው።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብታችሁ ግድግዳውን ካያችሁ ነገሩ ይገባችኋል። እዚያ የቅዱሳኑ ዓይን ሁሉ ትልቅ ነው። ግን ሁሉም ትልቅ ስለሆነ በዓይኑ ማንንም አትለዩም። ጊዮርጊስን የምታውቁት በነጭ ፈረሱና በዘንዶው ነው። ሠዓሊዎቹ ዓላማቸው ሌላ ነበር፣ ልክም ነበሩ። እኛ ግን ሁሉም ሰው ያለውን ነገር ብናጋንን ማንንም አንስልም።

ልኬቱ

አሁን ማስመሪያ አምጡ። ፎቶውን አሳትሙ፣ ወይም ስክሪኑ ላይ አስፉት፤ ከጸጉር መነሻ እስከ አገጭ ጫፍ 12 ሴንቲሜትር ይሁን። ቁጥሩን የመረጥኩት ለሦስት ስለሚካፈል ነው። ስልካችሁ ጠባብ ከሆነ 6 ሴንቲሜትር አድርጉና የለካችሁትን በሁለት አባዙ።

የድሮው የሮማ አርክቴክት ቪትሩቪየስ የጻፈው መለኪያ አለ። ፊት በሦስት እኩል ይከፈላል፦ ከጸጉር መነሻ እስከ ቅንድብ፣ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ። በኛ 12 ሴንቲሜትር ላይ 4፣ 4፣ 4 ይሆናል። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ የአንድ ዓይን ስፋት ያህል ነው ይባላል። የአፍ መስመር ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ካለው ርቀት ሲሶው ላይ ይውላል።

ይህን እንደ ሕግ አትያዙት። ሮማዊው የለካው የኛን ሰው አይደለም። ለዚህ ነው እኔ መጀመሪያ የቤተሰቤንና የጓደኞቼን ፎቶ በዚሁ መንገድ የለካሁት። ከ4 ያፈነገጡት ቢበዛ በ2 ወይም በ3 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ 4ን ያዝኩ። እናንተም አምስት ስድስት ሰው ለኩ። የእናንተ ሰዎች ሌላ ቁጥር ከሰጧችሁ መነሻችሁ እሱ ይሁን። ጸጉሩ የሸሸ ወይም ሻሽ ያሰረች ከሆነ ደግሞ የላይኛውን ክፍል ተዉትና የታችኞቹን ሁለት ብቻ አወዳድሩ።

የወዳጄ ቁጥሮች እነሆ። ሰልፊው ላይ 4.2፣ 3.8፣ 4.0 ሰጠኝ። ምንም ልዩ ነገር የሌለው ፊት! ከሁለት ሜትር በተነሳው ላይ ግን 3.4፣ 3.6፣ 5.0 ሆነ። የታችኛው ክፍል ከመነሻችን ከ4 በ1 ሴንቲሜትር ይበልጣል። አንዱ ዓይኑ 1.8 ሴንቲሜትር ሲሆን በመካከላቸው ያለው ክፍተት 2.4 ነው። የአፉ መስመር ከአፍንጫው ሥር 2.1 ላይ ነው፤ በ5 ሴንቲሜትር ውስጥ መሆን የነበረበት 1.7 ላይ ነበር። ላይኛው ከንፈሩ ረጅም ነው ማለት ነው። እህቱ በልጅነቱ ስለሱ ስትቀልድበት የነበረው ይሄን መሆኑን ቆይታ ነገረችኝ።

ማጋነን የሚገባው ልዩነቱን ነው

ብዙ ጀማሪ «ትልቁን ይበልጥ ትልቅ አድርግ» የሚለውን ይዞ ይገባል። ትክክለኛው ሥራ ከመካከለኛው ፊት ያለውን ልዩነት ማባዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሱዛን ብሬናን የተባለች አሜሪካዊት ካሪካቸር የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም የጻፈችው በዚሁ ሐሳብ ነው። ፕሮግራሙ የአንድን ሰው ፊት ከአማካይ ፊት ጋር ያነጻጽርና ልዩነቱን ብቻ ያበዛል። በኋላ ተመራማሪዎች እንዲህ የተጋነኑትን ሥዕሎች ለሰው አሳይተው ነበር። ተመልካቾቹ ሰውየውን ከትክክለኛው የመስመር ሥዕል ይልቅ ከተጋነነው ላይ ፈጥነው ለዩት።

እኛ ፕሮግራም አያስፈልገንም። ልዩነቱን በ2 እናባዛው።

ግንባር፦ 3.4 ከ4 በ0.6 ያንሳል። እጥፉ 1.2 ነው፤ ስለዚህ 2.8 ይሆናል። መካከለኛው፦ 3.6 በ0.4 ያንሳል፤ 3.2 ይሆናል። የታችኛው፦ 5.0 በ1 ይበልጣል፤ 6.0 ይሆናል። ደምሩት፦ 12። ጠቅላላው ርዝመት አልተቀየረም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አገጩን ስናሳድግ ቦታውን የከፈሉት ግንባሩና መካከለኛው ክፍል ናቸው። አገጭን አርዝሞ ግንባሩን እንዳለ የሚተው ሰው የሚያገኘው ረዘም ያለ ፊት ብቻ ነው፤ ንጽጽሩ ይደበዝዛል።

የዓይኑ ክፍተት 0.6 ይበልጥ ነበር፤ በእጥፍ 1.2፣ ስለዚህ 3.0 ሆነ። የአፉ መስመር በ6 ሴንቲሜትሩ ውስጥ በመደበኛው 2.0 ላይ ይውላል። ልዩነቱ 0.4 ስለነበር እጥፉን ጨምሬ 2.8 ላይ አደረግሁት። አፍንጫውን ምንም አልነካሁትም። ግን መካከለኛው ክፍል ስላጠረና ዓይኖቹ ስለተራራቁ፣ አፍንጫው በራሱ ትንሽ ሆኖ ቁጭ አለ። ከመጀመሪያው ዱባ ጋር ሳስተያየው አፈርኩ።

አሳሳሉ

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። በስልክ አፕ ፎቶውን በጣት እየጎተቱ መለጠጥ ካሪካቸር አይሆንም። ቆዳው ይለጠጣል፣ ብርሃንና ጥላው ይበላሻል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ግን አልተቀየረም። ማስቲካ የመሰለ ፊት ነው የሚወጣው። እንደገና መሳል አለበት።

ኤ ፎር ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አውርዱ። በላዩ ላይ አራት አግድም ምልክት አድርጉ፦ የጸጉር መነሻ 0፣ ቅንድብ 2.8፣ የአፍንጫ ሥር 6.0፣ አገጭ 12። በቀላል እርሳስ ይሁን፤ በኋላ በላጲስ ይጠፋል።

ቀጥሎ ዓይንና ቅንድብ ሳይሆን የጭንቅላቱ ቅርጽ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ፎቶውን ከዓይናችሁ አርቁትና በሌላ ወረቀት ላይ አውራ ጣት የሚያህሉ ሦስት ቅርጾች ከትዝታ ሳሉ። ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ዓይን የለም፣ አፍንጫ የለም፤ ዙሪያው ብቻ። የወዳጄ አንዱ የተገለበጠ እንቁላል፣ አንዱ የጭቃ ጀበና፣ አንዱ ከሥር የከበደ ጆንያ ሆኖ ወጣ። ሦስተኛው እሱ ነበር። ከላይ ጠበብ፣ ከሥር ሰፋ። ከጸጉር መነሻው በላይ ያለውን ራስ 3 ሴንቲሜትር ብቻ ሰጠሁት።

የራሱ ቅርጽ ከተገኘ በኋላ ቅንድብ፣ ዓይንና አፍንጫ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ለየብቻ አትሳሏቸው። ሁለቱ ዓይንና አፍንጫው እንደ T ያለ አንድ ፊደል ይሠራሉ፤ ሰው ሰውን ከሩቅ የሚለየው በብዛት በዚያ ፊደል ነው። የወዳጄ ሰፊ አግድምና አጭር እግር ያለው ነው። የግራ ቅንድቡን ከቀኙ በ4 ሚሊሜትር ከፍ አደረግሁት። ሁለቱን ጎን እኩል ለማድረግ እጃችሁ ይፈልጋል፤ አትፍቀዱለት። የሰው ፊት እኩል ሲሆን ሰውየው ይጠፋል።

አፉ ላይ ስትደርሱ ጥርስ በጥርስ አትቁጠሩ። ጥርስን አንድ በአንድ ከሳላችሁት ሰውየው በአንዴ ያረጃል ወይም ያስፈራል። አንድ ነጭ ሪባን አድርጉት። ፍንጭቱን ብቻ በአንድ ጥቁር መስመር አሳዩ።

ጸጉር፣ ጆሮ፣ አንገት በፍጥነት ይለፉ። ጆሮውን ግን ከሁለት ሜትር ፎቶ ላይ ውሰዱ እንጂ ከሰልፊው አትውሰዱ። ሲያልቅ ዋናውን መስመር በማርከር አጥብቁት፤ የታችኛው የመንጋጋ መስመር ከሁሉም ወፍራም ይሁን።

ጠባሳ፣ በሕመም የመጣ ነገር፣ ሰውየው የሚሸሽገው ጥርስ ላይ አልጫወትም። ካልጠየቀኝ እተወዋለሁ። ያለሱም መታወቅ ካልቻለ ሥዕሉ ቀድሞውኑ ደክሟል።

ሰልፊው ብቻ ቢኖራችሁስ?

አንዳንዴ ሰውየው ሩቅ ነው፣ ወይም ለልደቱ በድብቅ ነው የምትሠሩት። ያኔ ፎቶው ከቅርብ መነሳቱን መጀመሪያ አረጋግጡ። የትከሻው አንድ ጎን ወደ ካሜራው ተዘርግቷል? ጆሮዎቹ ከጉንጩ ኋላ ተደብቀዋል? ፊቱ ከላይ ሰፍቶ ወደ አገጩ ይጠባል? አዎ ከሆነ ርቀትን የሚመለከተውን ሁሉ አትመኑ። አፍንጫውን አታጋንኑ፤ እንዲያውም ካያችሁት ትንሽ ቀንሱት። ጆሮውን ትንሽ ወደ ውጭ አውጡት።

ከዚያ ርቀት በማይቀይረው ላይ ተደገፉ፦ የቅንድቡ ቅርጽ፣ የዓይኑ ጥግ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መውረዱ፣ የጥርሱ አሰዳደር፣ የጸጉሩ መነሻ መስመር፣ ሲስቅ ጉንጩ ላይ የሚወጣው ስርጉድ። እነዚህ 30 ሴንቲሜትር ላይም ሁለት ሜትር ላይም ያው ናቸው። የመጣው ሥዕል ብዙም ያልተጋነነ ቢሆንም ሰውየው ይኖርበታል።

የት ላይ ይቆማል?

እ.ኤ.አ. በ1831 ፓሪስ ውስጥ ሻርል ፊሊፖን የሚባል ጋዜጣ አሳታሚ ንጉሡን በሥዕል ሰድበሃል ተብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። እሱም የንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ፊት በአራት ደረጃ ሳለው፤ የመጀመሪያው ንጉሡ፣ የመጨረሻው ፒር የሚባለው ፍሬ ነው። በየትኛው ላይ ነው ወንጀል የሠራሁት አለ። ከቅጣት አላዳነውም፤ ዘዴው ግን ለኛ ይጠቅማል።

እኔም ወዳጄን በአራት ደረጃ ሳልኩት፦ እንዳለ፣ በ1.5፣ በ2፣ በ3። በ3 ሲባዛ ቁጥሩ 2.2፣ 2.8፣ 7.0 ነው፣ አፉ 3.5 ላይ ይወርዳል። አራቱንም ወረቀት ይዤ ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት ቦታ ሄድኩ፤ ለተለያየ ሰው አንድ አንድ ብቻ አሳየሁ። «እሱ አይደለም እንዴ?» እያልኩ አልጠየቅሁም፤ እንዲህ ከጠየቃችሁ ሁሉም «አዎ ይመስላል» ይላችኋል። ወረቀቱን ዘርግቼ ዝም አልኩ። እንዳለ የተሳለውን ያየው ልጅ ቆየት ብሎ «የማውቀው ሰው ነው» አለ። በ1.5 ያየው ስሙን ጠራ። በ2 ያዩት ሁለቱ ወዲያው ሳቁና ስሙን ጠሩ። በ3 ያየው ደግሞ «ግመል ነው?» አለኝ። ስለዚህ የወዳጄ ልክ 2 ላይ ነው። የሌላ ሰው 1.5 ላይ ሊሆን ይችላል፤ ፊቱ ቀድሞውኑ ከመካከለኛው በጣም የራቀ ሰው ቶሎ ይሰበራል።

መልሱ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከፈጀ አልሆነም። ያኔ የበለጠ ከማጋነን በፊት ሦስቱን ቃላት ተመልሳችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ ስህተቱ የመጠን ሳይሆን የምርጫ ነው።

በመጨረሻ በ2 የተባዛውን ይዤ ወደ እህቱ ተመለስኩ። ዓሣው ዘይት ውስጥ ይንጫጫል። ወረቀቱን ከትከሻዋ በላይ አሳየኋት። መለስ ብላ አየችና ወደ መጥበሻዋ ዞረች።

«ምሳውን በልቷል?» አለችኝ።